ሦስት ፀሐይ የት ገባ? የሳይንስ አጠቃሎን ለሁሉም አንባቢ መልሶ ስለመጻፍ

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። አዲሱ ዓመት ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የተተከሉ ሁለት ግዙፍ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ንዝረት መዘገቡ። አንዱ በሉዊዚያና ግዛት ሊቪንግስተን፣ ሌላው በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ ይገኛል። ንዝረቱ የቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳይንቲስቶቹ አምስት ወር ያህል ሲመረምሩት ከቆዩ በኋላ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ግኝቱን ይፋ አደረጉ። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 በወረቀት ላይ ያሰላው የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተያዘ። ለዚህ ሥራ ሬይነር ዋይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን እ.ኤ.አ. በ2017 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ግኝቱን ያበሰረው ጽሑፍ «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በደራሲነት ተመዝግበውበታል። እንደማንኛውም የምርምር ጽሑፍ መግቢያው ላይ አጠቃሎ አለው፤ ከግማሽ ገጽ ያነሰ ነው። ፍሬ ነገሩ በግርድፉ ሲቀርብ የሚከተለውን ይመስላል። የሊጎ ሁለት መመርመሪያዎች አላፊ ምልክት በአንድ ጊዜ መዝግበዋል። የምልክቱ ድግግሞሽ ከ35 ወደ 250 ኸርዝ ከፍ ብሏል፤ ያስከተለው የርዝመት ለውጥ ሲበዛ 1.0×10⁻²¹ ነው። የሐሰት ማንቂያ መጠኑ በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ያነሰ ነው። ምንጩ 410 ሜጋፓርሴክ ይርቃል። የሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች ክብደት 36 እና 29 የፀሐይ ክብደት፣ ተዋህደው የፈጠሩት ጥቁር ጉድጓድ ክብደት ደግሞ 62 ነው። 3 የፀሐይ ክብደት የሚያህል ኃይል በስበት ሞገድ መልክ ወጥቷል።

የፊዚክስ ባለሙያ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ይነሣል። ሌላው አንባቢ ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ገጹን ይገለብጣል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ አጠቃሎ ይዞ፣ ቁጥሩን ሳያዛባ ማንም ወደሚረዳው አንድ አንቀጽ ለመመለስ ምን ምን ሥራ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ችግሩ ከባድ ቃላትን በቀላል መተካት ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝገበ ቃላት ይበቃ ነበር።

ከመጨረሻው መጀመር

የምርምር አጠቃሎ ቅደም ተከተል የማስረጃ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ ምልክቱ፣ ቀጥሎ የእርግጠኝነቱ መጠን፣ በመጨረሻ ደግሞ ትርጉሙ ይመጣል። ጸሐፊዎቹ እንደ እነሱው ላለ ተጠራጣሪ ባለሙያ ስለሚጽፉ፣ መደምደሚያውን ከመናገራቸው በፊት መንገዱን ይጠርጋሉ። ተራው አንባቢ ግን መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተፈጠረ ነው። እንዴት ታወቀ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄው፣ ምን ያህል እርግጠኞች ናቸው የሚለው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ አዲሱ አንቀጽ የሚነሣው አጠቃሎው ከሚያበቃበት ቦታ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ማንም ሊሠራው የሚችል መደመር አለ። 36 እና 29 ሲደመሩ 65 ነው። የቀረው 62 ነው። ሦስቱ የት ገባ? በጠቅላላው ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ከዚህ ጥያቄ በላይ የሚይዝ ነገር የለም፤ ለመጠየቅም ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

መልሱን ለመስጠት መጀመሪያ ጥቁር ጉድጓድ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ግድ ነው፦ ክብደቱ እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ከመታመቁ የተነሣ ብርሃን እንኳ አምልጦ የማይወጣበት የጠፈር አካል። «እጅግ ጠባብ» ምን ያህል ነው? ይህ በአጠቃሎው ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ከክብደቱ ተነሥቶ ማስላት ይቻላል። 36 ፀሐይ የሚመዝነው ጥቁር ጉድጓድ ከዳር እስከ ዳር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ላይ ቀጥታ ቢለካ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው ርቀት ከዚህ ብዙም አይለይም። የአንዷ ፀሐይ ስፋት ግን 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ስድስት ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ታምቋል ማለት ነው።

ሦስቱ ፀሐይ ወደ ኃይል ተለወጠ። ክብደት ወደ ኃይል ሊለወጥ እንደሚችል የታወቀው የአንስታይን ቀመር ይናገራል። የእኛም ፀሐይ በየሰከንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ክብደቷን ወደ ብርሃን ትለውጣለች። ብታደርገውም በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ የምታጣው ከክብደቷ ከአንድ መቶኛ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች ግን በቅጽበት የሦስት ፀሐይ ሙሉ ክብደት ለወጡ። ስሌቱ ሲሠራ፣ ከ4,000 በላይ ፀሐዮች ከተወለዱ እስኪሞቱ የሚሰጡት ብርሃን ቢጠራቀም ነው ይህን የሚያህለው።

እዚህ ላይ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። ይህን ያህል ኃይል ሲወጣ ብዕር «ፈነዳ» ወደሚለው ቃል ይሮጣል። አጠቃሎው ግን ፍንዳታ አላለም። እሳት፣ ብልጭታ ወይም ፍርስራሽ አልተጠቀሰም፤ ኃይሉ የወጣው በስበት ሞገድ ነው። «ፈነዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ቋንቋውን አቀለልኩ ብሎ የሌለ ክስተት ፈጥሯል።

ነጠላውን መሳብ

የስበት ሞገድ ራሱስ ምንድን ነው? የተለመደው ማነጻጸሪያ ኩሬ ውስጥ የተጣለ ድንጋይ ነው። ክቡ እየሰፋ መሄዱን፣ እየራቀ ሲሄድም መድከሙን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ዋናውን ነገር ግን ይደብቃል። በኩሬው ላይ ውኃው ከፍ ዝቅ ይላል፤ በስበት ሞገድ ግን የሚለጠጠውና የሚኮማተረው ራሱ ቦታ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሲረዝም በተሻጋሪው አቅጣጫ ያጥራል፤ ወዲያው ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ።

ይህን ለማሳየት ነጠላ ይሻላል። ሁለት ሰዎች ነጠላን በሰያፍ ይዘው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲስቡት በተሳበበት በኩል ይረዝማል፣ በሌላው በኩል ይጠባል። ሌሎቹን ሁለት ማዕዘኖች ቢስቡ ተራው ይገለበጣል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ በቦታ ላይ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው። የሊጎም አሠራር በዚህ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በቀኝ ማዕዘን የተገናኙ ሁለት ክንዶች አሉት፤ የአንዱ ክንድ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ክንዶች ይሄድና ጫፍ ላይ ካለ መስተዋት ተመልሶ ይገናኛል። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ሁለቱ ጨረሮች ተገጣጥመው አንዱ ሌላውን ያጠፋል። አንዱ ክንድ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ግን እርምጃቸው ይዛነፍና ብርሃን ያመልጣል። የሚለካው ያ ያመለጠ ብርሃን ነው።

ነጠላውም ገደብ አለው። ነጠላ ሲሳብ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው አለ፤ ከቦታ ውጭ ግን መቆሚያ የለም። አንድ ማነጻጸሪያ አንድ ነገር እንዲያስረዳ ከተፈለገ እዚያው ላይ ማቆም ይገባል። ነጠላው የመለጠጡንና የመኮማተሩን ተራ ካሳየ ሥራውን ጨርሷል። ስለ ጥለቱና ስለ ክሩ ማውራት ከተጀመረ አንባቢው ጠፈር ከክር የተሠራ ይመስለዋል።

ማነጻጸሪያ በማካፈል ይፈተናል

የአጠቃሎው ጉልበት ያለው 1.0×10⁻²¹ በሚለው ቁጥር ላይ ነው። ርዝመቱ ምን ያህል ጊዜ እንደተለወጠ የሚናገር ንጽጽር ሲሆን፣ ትርጉሙ ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ያለበት ቁጥር ያህል ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍልፋይ ማለት ነው። በ4 ኪሎ ሜትሩ ክንድ ላይ ለውጡ ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ይህ አገላለጽ ትክክል ነው፤ ብዙ ጋዜጦችም ተጠቅመውበታል። ጉድለቱ ፕሮቶንን ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። የማይታወቅን ነገር በሌላ በማይታወቅ ነገር ማስረዳት ጥያቄውን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ወደ ቤታችን እናምጣው ብሎ አንድ ጸሐፊ «ከኢትዮጵያ ስፋት ላይ የአንዲት ጤፍ ያህል እንደመቀነስ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለጆሮ ያምራል። አሁን እናካፍለው። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የአገሪቱን ስፋት በግርድፉ 1,500 ኪሎ ሜትር፣ የጤፍን ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር እንበል። 1,500 ኪሎ ሜትር 1.5 ቢሊዮን ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጤፏ ከአገሪቱ ስፋት 1.5 ቢሊዮን እጥፍ ታንሳለች። የሚፈለገው ግን ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ነው። ማነጻጸሪያው ከእውነቱ ከ600 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይርቃል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚታየው ሲካፈል ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሞ ማንበብ አያጋልጠውም።

ስለዚህ ከሌላው ጫፍ መነሣት ይሻላል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ይመረጥና፣ ትልቁ ነገር ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይሰላል። የቀጭን ፀጉር ውፍረት 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። ይህ ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ባለው ቁጥር ሲባዛ 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያህል ርቀት ደግሞ በእርግጥ አለ፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የሚገኘው እዚያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ተገኘ፦ ሞገዱ ከዚህ እስከ ቅርቡ ኮከብ ያለውን ርቀት በአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል እንደመለወጥ ነው። 40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትርን በዓይነ ሕሊና መሣል የሚችል ሰው የለም። ቢሆንም አንባቢው አንዱን ጫፍ፣ ፀጉሩን፣ በጣቱ ይዟል፤ ሌላው ጫፍ ደግሞ ሌሊት ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይ ውስጥ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲካፈል ልክ ይመጣል።

ከሞተር እስከ ንብ

ከ35 እስከ 250 ኸርዝ የሚለው ሐረግ ደግሞ ያልታሰበ ዕድል ነው። ኸርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ስለሚሰማ፣ የምልክቱ ድግግሞሽ ከጆሯችን አቅም ውስጥ ይወድቃል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያሰማው ጉርምርምታ 35 ኸርዝ አካባቢ ነው። የንብ ክንፍ ጥዝታ ደግሞ ከ250 ኸርዝ ብዙም አይርቅም። ሳይንቲስቶቹ ምልክቱን ወደ ድምፅ ለውጠው ሲያሰሙት ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ቀጭን የሚስፈነጠር አጭር ጩኸት ሆኖ ነው የተሰማው።

ቀጭን የሚሆንበትም ምክንያት አለው፤ አንቀጹ ውስጥ ቢገባ አንባቢውን ይክሳል። ሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች እርስ በርስ እየተዟዟሩ ኃይል ሲያጡ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ ይፈጥናሉ፤ ሲፈጥኑ ድግግሞሹ ይጨምራል። ስለዚህ የድምፁ መቅጠን የመቀራረባቸው ታሪክ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ተሰማ» ከሚለው ግሥ ነው። ሞገዱ ድምፅ አይደለም፤ ባዶ ጠፈር ውስጥም ድምፅ አይጓዝም። «ወደ ድምፅ ቢለወጥ» የሚለው ሁኔታ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከወጣ፣ አንባቢው ጠፈር ላይ ማይክሮፎን የተሰቀለ ይመስለዋል። አንዲት «ቢ» የእውነትና የስህተት ድንበር ሆናለች።

203,000 ዓመት ማለት ምን ማለት ነው?

በሕዝብ ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚጣመመው ይህ ቁጥር ነው። አንዳንዱ «እንዲህ ያለ ክስተት በ203,000 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል» ብሎ ይረዳዋል። ይህ ስህተት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሊጎ ሌላ ግልጽ ምልክት ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዝርዝር ደግሞ 90 ያህል ክስተቶች ነበሩት። ሌላው «የመሳሳት ዕድላቸው ከ203,000 አንድ ነው» ይላል። ያም አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መሣሪያው ሁካታ ነው፦ መሬት ሲርገበገብ፣ ነፋስ ሲነፍስ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ሲረበሽ፣ ሁለቱም ጣቢያ ላይ በአጋጣሚ ይህን የሚመስልና ይህን ያህል የጎላ ምልክት የሚገጣጠመው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ባነሰ ነው።

ብልህ አንባቢ ወዲያው ይጠይቃል፦ መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንታት ሲሆነው 203,000 ዓመት ከየት መጣ? በከተማው ሁለት ዳር የቆሙ ሁለት የሌሊት ዘበኞች እናስብ። እያንዳንዱ የሰማውን ድምፅ ከነሰዓቱ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። አንዱ የሰፈሩን ውሻ፣ ሌላው የጎረቤቱን በር ይሰማል። ነጎድጓድ ሲሆን ግን ሁለቱም መዝገብ ላይ በአንድ ሰዓት ይጻፋል። አሁን የአንደኛውን ዘበኛ ሰዓት ሆን ብለን አንድ ሰዓት እናዛንፈው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ መዝገቦች የሚገጥሙበት ቦታ ካለ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ነጎድጓድ ከእንግዲህ ሊገጥም አይችልም። ሰዓቱን በሁለት ሰዓት፣ በሦስት ሰዓት እያዛነፍን ብንቀጥል፣ ከጥቂት ሌሊት መዝገብ የብዙ ሺህ ሌሊት ግጥምጥሞሽ እንቆጥራለን።

የሊጎ ሳይንቲስቶች ያደረጉት ይህንን ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች አብረው የሠሩበትን 16 ቀን የሚያህል መዝገብ ወስደው አንዱን በሌላው ላይ እያዛነፉ ደጋግመው አነጻጸሩ። በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ለመድረስ ቢበዛ የሰከንድ አንድ መቶኛ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የተዛነፈ መዝገብ ላይ የሚገኝ ግጥምጥሞሽ ሁሉ ሁካታ ነው። በመቶ ሺዎች ዓመታት በሚቆጠር የተዛነፈ መዝገብ ውስጥ የመስከረም 3ቱን የሚያህል አልተገኘም። «ያነሰ» የሚለውም ቃል የመጣው ከዚህ ነው፤ አንድም ጊዜ ስላልተገኘ መናገር የሚቻለው ጣሪያውን ብቻ ነው። መስከረም 3 ግን ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ መዝገበዋል፤ ሊቪንግስተን በ7 ሺኛ ሰከንድ ቀድሞ፣ ሃንፎርድ ተከትሎ።

«ገደማ» የሚለው ቃል ዋጋ

አጠቃሎው እያንዳንዱን ቁጥር ከነግራና ቀኝ ገደቡ ነው የሚሰጠው። ርቀቱ 410 ሜጋፓርሴክ ሲል ወደ ታች እስከ 230፣ ወደ ላይ እስከ 570 ሊሆን እንደሚችል ያክላል። ወደ ብርሃን ዓመት ሲለወጥ መካከለኛው 1.3 ቢሊዮን ነው፤ ገደቦቹ ደግሞ ከሦስት አራተኛ ቢሊዮን እስከ 1.9 ቢሊዮን ያህል ይዘረጋሉ። ይህን ያህል ሰፊ ገደብ ያለውን ነገር «ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት» ብሎ በቁርጥ መጻፍ ሳይንቲስቶቹ ያላሉትን ማለት ነው። ገደቦቹን በሙሉ መዘርዘር ደግሞ አንቀጹን ይገድለዋል። «ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት» ቢባል ሁለቱም ይድናሉ። ክብ ቁጥርና «ገደማ» እዚህ ላይ ከነጥብ በኋላ ካለው አኃዝ ይልቅ ታማኝ ናቸው።

ክብደቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ትልቁ ከ32 እስከ 41፣ ትንሹ ከ25 እስከ 33፣ የተዋሐደው ከ58 እስከ 66 ሊሆን ይችላል። ታዲያ የጠፋው 3 መሆኑ እንዴት በግማሽ ፀሐይ ገደብ ብቻ ታወቀ? ከላይኞቹ ጫፎች ደምረን ከታችኛው ብንቀንስ 16 ፀሐይ ጠፋ ሊያሰኝ ነው። እንዲህ ማስላት አይቻልም፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። አንደኛው ከበድ ካለ ሌላው ቀለል ይላል፣ የተዋሐደውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ምልክቱ ስለ ጠቅላላ ክብደታቸው የሚናገረው ስለ እያንዳንዳቸው ከሚናገረው በተሻለ ጥራት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያሰሉትን 3 መውሰድ እንጂ በገደቦቹ ላይ የራሱን ሒሳብ መሥራት የለበትም።

የሚቀረው ምን እንደሚጣል መወሰን ነው። አጠቃሎው ምልክቱ ከሁካታው 24 እጥፍ ያህል መጉላቱን፣ እንዲሁም እርግጠኝነቱን በስታቲስቲክስ መለኪያ ይሰጣል። ሁለቱም የሚያጠናክሩት የ203,000ውን ዓመት ሐሳብ ነው። ለባለሙያ የተለያዩ ማስረጃዎች ቢሆኑም ለተራ አንባቢ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ማለት ይሆናል። ይውጡ።

የተመለሰው አንቀጽ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

«ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እያንዳንዳቸው ከሠላሳ ፀሐይ ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያላቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እየተሽከረከሩ ተቀራርበው አንድ ሆኑ። የሁለቱ ክብደት ሲደመር 65 ፀሐይ ያህል ነበር፤ የተዋሐደው ግን 62 ሆነ። የጎደለው ሦስት ፀሐይ ቦታን ራሱን እየለጠጠና እያኮማተረ በሚጓዝ ሞገድ መልክ ወጣ፤ አንድ ነጠላ ወዲህና ወዲያ ሲሳብ በአንድ በኩል ረዝሞ በሌላው እንደሚጠብ ማለት ነው። ሞገዱ እኛ ዘንድ ሲደርስ በጣም ደክሞ ነበር፤ ከዚህ እስከ ቅርቡ ኮከብ ያለውን ርቀት በአንዲት ፀጉር ውፍረት ብቻ እንደመለወጥ ነው። ይህን አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሁለት የሊጎ ጣቢያዎች መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. መዘገቡት። ወደ ድምፅ ቢለወጥ ከመኪና ሞተር ጉርምርምታ ተነሥቶ እስከ ንብ ጥዝታ የሚቀጥን፣ ከሰከንድ ሩብ ያነሰ ጩኸት ነው። የመሣሪያዎቹ ሁካታ ብቻውን በሁለቱም ጣቢያ እንዲህ ያለ ምልክት በአጋጣሚ የሚያስገኘው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ባነሰ ነው። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።»

አንቀጹ ውስጥ የሐዋሳው ርቀትና የ4,000ዎቹ ፀሐዮች ብርሃን አልገቡም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ያምራሉ። ነገር ግን አንድ አንቀጽ የሚሸከመው ማነጻጸሪያ ጥቂት ነው። ነጠላው የሞገዱን ጠባይ፣ ፀጉሩ መጠኑን፣ ሞተሩና ንቡ የምልክቱን አካሄድ ያሳያሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ሥራ አላቸው። አራተኛ ቢጨመር አንባቢው ማነጻጸሪያዎቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይጀምራል።

አንቀጹ ደህና መሆኑን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዞ አጠቃሎው ውስጥ የቆመበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቦታ ያላገኘ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ወይ ከአጠቃሎው ቁጥሮችና ከዋናው ጽሑፍ የሚገኝ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ወይ ይሰረዛል። ለምሳሌ የምልክቱ ርዝመት አጠቃሎው ውስጥ የለም፤ ዋናው ጽሑፍ ግን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ይለዋል። ስለዚህ «ከሰከንድ ሩብ ያነሰ» የሚለው መቆሚያ አለው።

አንባቢም ይህንኑ ፈተና ሊጠቀምበት ይችላል። ጋዜጣ ላይ ወይም ሬዲዮ ላይ «ይህ ማለት እኮ እንዲህ እንደማለት ነው» የሚል የሳይንስ ዜና ሲያጋጥምዎ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ይፈልጉና ያካፍሉ። ከገጠመ ጸሐፊው ሥራውን ሠርቷል። ቁጥሩ ጨርሶ ከሌለ ግን ማነጻጸሪያውን እንደ ጨዋታ ይስሙት እንጂ እንደ መረጃ አይያዙት።